በረኪና የማያስለቅቀው ጥቁር መስመር፦ የመታጠቢያ ቤት ሻጋታን ከሴራሚክ መጋጠሚያና ከሲሊኮን ላይ ማጽዳት

አክስቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ሊጠይቋቸው የሄዱ እንግዶች እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ እሳቸው በሃፍረት ይሽኮረመማሉ። መታጠቢያ ቤቱ ንጹህ ነው። ወለሉ በየቀኑ ይታጠባል። ግን በሻወሩ ዙሪያ ያለው ነጭ ሲሊኮን ጠቁሯል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመርም እንደ ከሰል ሆኗል። «ልጄ፣ በየቅዳሜው በረኪና እደፋበታለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል» አሉኝ።

ሴራሚክ ማንጠፍና የመታጠቢያ ቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሳልሰማ የዋልኩበት ክረምት የለም። የአክስቴን ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ችግር ከእሳቸው ብዙም አይለይም ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ፦ ጥቁሩ ነገር በእርግጥ ሻጋታ ነው?

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጠብታ በረኪና በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ጥጥ ነክራችሁ ጥቁሩ ላይ አሳርፉ። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ ከሳሳ ወይም ከጠፋ ሻጋታ ነው። ምንም ካልተለወጠ የተጋገረ የሳሙናና የቅባት ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይለቃል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ከሻጋታ ጋር ይምታታሉ። ቀላ ወይም ቡናማ ያለ እድፍ ከሆነ የብረት ዝገት ሊሆን ይችላል። ብረት የበዛበት ውሃ ወይም የዛገ ቱቦ ያመጣዋል። በረኪና እዚህ ላይ አትሞክሩ፣ እድፉን ይባስ ያጠነክረዋል። ነጭ ዱቄት የመሰለው ደግሞ ከሲሚንቶው ውስጥ ውሃ ይዞት የወጣ ጨው ነው። እሱ ሻጋታ አይደለም፣ ግን ከግድግዳው ጀርባ ውሃ እንዳለ ይነግራችኋል።

የአክስቴ ጥቁር መስመር ጠብታው እንደነካው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሳሳ። ሻጋታ ነበር። በሲሊኮኑ ላይ ግን ጠብታው ላዩን ብቻ አነጣው፤ ከሥሩ ግራጫ ጥላ ቀረ። ይህ ልዩነት በኋላ ይጠቅመናል።

ለምን በየሳምንቱ ይመለሳል?

ሻጋታ ሴራሚክም ሲሊኮንም አይበላም። የሚበላው ላያቸው ላይ የሚቀረውን ነው፦ የሳሙና ቅሪት፣ ከሰውነት የሚወጣ ቅባት፣ የሻምፑ አረፋ። ሌላ የሚፈልገው ነገር ውሃ ብቻ ነው። እርጥበት ያለበት ቦታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይደርቅ ከቆየ ሻጋታ ለመብቀል በቂ ጊዜ ያገኛል።

አሁን የአዲስ አበባን መታጠቢያ ቤት አስቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳውም እንደዚያው። ጠዋት በሞቀ ውሃ ስንታጠብ እንፋሎቱ ሄዶ በቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ይጠራቀማል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ደግሞ ጥግ ላይ በርሜል አለ፣ አጠገቡም ጀሪካን ተደርድሯል። ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ አየር የሚባል አያገኝም። ክረምት ሲሆን ውጭ ያለው አየርም እርጥብ ስለሆነ ምንም ነገር በቶሎ አይደርቅም።

አክስቴ ቤት ይህ ሁሉ ነበር። በተጨማሪ «ብርድ ይገባል» ብለው ትንሿን መስኮት በካርቶን ወትፈዋታል። በረኪናው ቅዳሜ ሻጋታውን ያጠፋል፤ እሑድ ጠዋት ግን ግድግዳው እንደገና ይረጥባል።

ሌላም ምክንያት አለ። አክስቴ በረኪናውን የሚያፈሱት ሳሙናና ቅባት በተጋገረበት ላይ ነው። በረኪና ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ ያቃጥላል፣ ሲያቃጥልም ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ሻጋታው ጋ ሳይደርስ በሳሙናው ላይ ይጨርሳል። መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ከዚያ በረኪና ማድረግ ያለብን ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ያዘበራርቃል።

ከመነካካታችሁ በፊት አንድ ከባድ ነገር

አክስቴ አንድ ቅዳሜ በረኪናው አልሠራ ሲላቸው የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጨመሩበት። ወዲያው ዓይናቸው አነባ፣ ጉሮሯቸውን ያዛቸው፣ እያሳሉ ወጡ። ጎረቤት ናት ወደ በረንዳ ያወጣቻቸው። ይህን የነገሩኝ እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ስሰማ ደነገጥኩ።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ኮምጣጤም አሲድ ነው፣ ሎሚም አሲድ ነው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪና የሚቀላቀለው ከውሃ ጋር ብቻ ነው። ትናንት አሲድ የተደፋበት ወለል ካለ ዛሬ በረኪና ከማድረጋችሁ በፊት በብዙ ውሃ አጥቡት። ድንገት ከተቀላቀለና ከሸተታችሁ ልታጸዱት አትሞክሩ። በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ ንጹህ አየር ያዙ። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ሳሉ ካልተወ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

መስኮትና በር ክፍት ይሁን። የላስቲክ ጓንት አድርጉ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የሻጋታውን ብናኝ ይቀንሳል፤ የበረኪናን ጋዝ ግን አያስቀርም፣ ስለዚህ በእሱ ተማምናችሁ መስኮት አትዝጉ። አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ክፍል ይቆዩ። ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር በላይ ግድግዳ ከሸፈነ፣ ወይም ጣሪያው ላይ ከደረሰ፣ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ባለሙያ ቢያይላችሁ ይሻላል።

የሴራሚክ መጋጠሚያውን ማጽዳት

በሴራሚኮች መካከል የሚሞላው ግራውት ሲሚንቶ ነው። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ውሃ ይጠጣል። ብዙ የድሮ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ነጭ ሲሚንቶ ብቻ ተበጥብጦ ነው የተሞላው፤ እሱ ይበልጥ ይጠጣል። ሻጋታውም በእነዚህ ቀዳዳዎች ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በረኪናው ጊዜ ያስፈልገዋል። እያፈሰሱ ወዲያው ማጠብ ብክነት ነው።

1. ደረቅ ሻጋታ አትፈግፍጉ፣ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። መጀመሪያ ግድግዳውን አርጥቡት።

2. ሞቅ ባለ ውሃ ላይ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መስመር መስመሩን እሹት። ከላይ ወደ ታች ሂዱ። ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁና የቆመውን ውሃ በጨርቅ አንሡ። ግድግዳው እርጥብ ቢሆን ግድ የለም፣ ውሃ መንጠባጠብ ግን የለበትም። አለበለዚያ በረኪናው ይቀጥናል።

3. አንድ ኩባያ በረኪና በአሥር ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፣ በረኪናውን ያደክመዋል፣ ሽታውንም ያባብሰዋል። የተበጠበጠው በዚያው ቀን ይለቅ፣ ለነገ አይቀመጥም።

4. በብሩሽ ወይም በስፖንጅ መስመሩ ላይ ቀቡት። በመርጫ ጠርሙስ አትርጩ፣ ጭጋጉን ትተነፍሱታላችሁ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። በመካከሉ ከደረቀ ደግማችሁ አርጥቡ።

5. በብሩሹ እንደገና እሹ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ በደረቅ ጨርቅ አብሱ።

ጥቁሩ ካልለቀቀ አንድ ኩባያ በአራት ኩባያ ውሃ አድርጋችሁ ድገሙት። ከዚያ በላይ ማጠንከር ጥቅም የለውም። ግራውታችሁ ባለቀለም ከሆነ፣ ለምሳሌ ቡናማ ወይም ግራጫ፣ በረኪና ሊያደበዝዘው ስለሚችል ከበር ጀርባ በትንሽ ቦታ ሞክሩ። የሽቦ ብሩሽና የድስት ሽቦ ግን ይቅርባችሁ። ግራውቱን ይልጣል፣ የተላጠው ቦታ ደግሞ ሻካራ ሆኖ በሚቀጥለው ወር ሁለት እጥፍ ሻጋታ ይይዛል።

ስለ ኮምጣጤም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚመክረው። ኮምጣጤ ሻጋታን በተወሰነ ደረጃ ይገድላል። ግን አሲድ ሲሚንቶ ይበላል። በየሳምንቱ ግራውት ላይ ኮምጣጤ ስታፈሱ ግራውቱን እያሟሟችሁት ነው። የበረኪና ሽታ የማይችል ሰው ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ገዝቶ ሳይበርዝ መቀባትና 10 ደቂቃ ማቆየት ይችላል። ዝግ ይላል፣ ሁለት ሦስቴ መድገም ይፈልግ ይሆናል፣ ግን ግራውቱን አይጎዳም። እሱንም ከሌላ ነገር ጋር አትቀላቅሉት።

አክስቴ ቤት ግራውቱ በሁለት ዙር ነጣ። ከበርሜሉ ጀርባ ያለው አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ አልለቀቀም። በጥፍሬ ስነካው ፈረፈረ። የፈረፈረ ግራውት አይጸዳም። ተጭሮ ወጥቶ፣ ቢያንስ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ በአዲስ ይሞላል።

ሲሊኮኑ ሌላ ታሪክ ነው

ሲሊኮን እንደ ግራውት አይጠጣም። ላዩ ላይ ያለው ሻጋታ በቀላሉ ይለቃል። ችግሩ ሻጋታው ሥሩን ወደ ጎማው ውስጥ ሲሰድ ነው። በዚያ ጊዜ ብሩሽ አይደርስበትም፣ ፈሳሽ በረኪና ደግሞ ቁልቁል ፈስሶ ያልቃል። በረኪናውን ሲሊኮኑ ላይ ለሰዓታት የሚያቆይ ዘዴ ያስፈልጋል።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ሲሊኮኑን በሳሙና እጠቡና አድርቁ። ሶፍት ወስዳችሁ እንደ ፈትል ገመድ ጠቅልሉት፣ ውፍረቱ የጣት ያህል ይሁን። ያልተበጠበጠ በረኪና ውስጥ ነክራችሁ ሲሊኮኑ ላይ ዘርጉት። በጥርስ ብሩሹ እጀታ ጥግ ድረስ ጫን ጫን አድርጉት፣ ክፍተት አይኑር። ከዚያ ፌስታል በረጅሙ ቀዳችሁ ላዩ ላይ ሸፍኑት፣ እንዳይደርቅ። ቧንቧውና ብረቱ ላይ የነካውን ወዲያው በውሃ ጥረጉ፣ በረኪና ብረት ይበላል። እብነ በረድ ያለበት ቤት ደግሞ ድንጋዩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

መስኮቱን ክፍት አድርጋችሁ በሩን ዝጉት። 4 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ አንድ ጫፍ ገልጣችሁ እዩ። ካልነጣ እስከ ማግስቱ ጠዋት ተዉት። ስትጨርሱ ሶፍቱን በጓንት ሰብስባችሁ ጣሉ፣ ቦታውን በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ሶፍቱን ሽንት ቤት ውስጥ አትጣሉ፤ ቀደም ብሎ አሲድ የተደፋበት ከሆነ ያው ጋዝ ይመጣል።

አክስቴ ቤት ሁለት ቦታ ሲሊኮን ነበር። የእጅ መታጠቢያው ጀርባ ያለው በ4 ሰዓት ውስጥ ነጭ ሆነ። አክስቴ ደስ ብሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። የሻወሩ ሳህን ዙሪያ ያለው ግን ሌሊቱን አድሮም ግራጫ ጥላው አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም አለ። ሁለት ጊዜ ሌሊቱን ካደረና ካልለቀቀ ሦስተኛ አትሞክሩ። እድፉ በጎማው ውስጥ ነው፣ ወይም ከጀርባው ነው። መፍትሔው መቀየር ነው።

አሮጌውን ሲሊኮን ማውጣት

አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይይዝም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት። ባለሙያ ተብሎ የመጣ ሰው በጥቁሩ ላይ ነጭ ደርቦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ለአንድ ወር ያምራል። ከዚያ ጠርዙ ይላቀቅና ውሃ በሁለቱ መካከል ይገባል፣ እዚያ የገባ ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። አክስቴ ቤት የሆነው ይህ ነው።

ከተር በዝግታ በግድግዳው በኩል ሳቡ፣ ከዚያ በሳህኑ በኩል። ምላጩን ጋደም አድርጉት፣ ሴራሚኩን እንዳይጭር። አንድ ጫፍ ከተነሣ በጣት ይዛችሁ ጎትቱት። የአክስቴን ስጎትተው እንደ ረጅም ትል ሁለት ሜትር ያህል በአንድ ጊዜ ተመዞ ወጣ። ገልብጬ አሳየኋቸው። ከፊት ግራጫ የነበረው ከኋላው ጥቁር ነው፣ ያዳልጣል፣ ክረምት የከረመ ጓዳ ይሸታል። ከሥሩ ሌላ ጥቁር ሲሊኮን አለ። በመሃሉ ውሃ ቆሟል። «እኔ በየቅዳሜው የማጥበው ክዳኑን ነበር ለካ!» አሉ።

የቀረውን ፍርፋሪ በምላጭ ፋቁት። በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይቀራል፣ ጣታችሁን ስታሳልፉበት እንደ ጎማ ይይዛችኋል። እሱም መውጣት አለበት። ከዚያ ባዶውን ክፍተት አንድ በአራት በተበጠበጠ በረኪና አርጥቡ፣ 10 ደቂቃ፣ አለቅልቁ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ማድረቅ ነው፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱ እስከ ጀርባው መድረቅ አለበት። አክስቴ ቤት ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱን ቀን አክስቴ ጎረቤት ሄደው ታጠቡ። ሌሊት ፋን አበራንበት።

እግረ መንገዴን ግድግዳው ራሱ ውሃ እንደሚያመጣ ፈተሽኩ። አንድ ቁራጭ ላስቲክ በደረቀ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ለአንድ ቀን ትተዉታላችሁ። ጠል የላስቲኩ ውጭ ላይ ከታየ የክፍሉ እንፋሎት ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው ከውስጥ ይመጣል፣ ምናልባት የሚያፈስ ቱቦ አለ። ያን ጊዜ ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩ። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ከሆነ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ እንጂ ሲሊኮን አትግዙ። የአክስቴ ላስቲክ ከሥሩ ደረቅ ነበር። ተመስገን አልን።

አዲሱን መሙላት

የሕንፃ መሣሪያ መደብር ስትሄዱ «ሲሊኮን ስጠኝ» ብቻ አትበሉ። ለመስኮት የሚሆንና ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ይለያያል። የመታጠቢያ ቤቱ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል። ቱቦው ላይ ለንጽህና ክፍል ወይም ሻጋታን እንደሚከላከል የተጻፈበትን ጠይቁ። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እዩ፣ ያለፈበት ሲሊኮን እያጣበቀ ሊቀርና በደንብ ላይደርቅ ይችላል። መድኃኒቱ ለዓመታት እያለቀ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለዘላለም ይከላከላል ማለት አይደለም።

ክፍተቱን በጨርቅ ላይ በተደረገ አልኮል ጥረጉ። የወረቀት ፕላስተር ከላይና ከታች ለጥፉ፣ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቱቦውን አፍ በሰያፍ ቁረጡ፣ በሲሊኮን ሽጉጡ በአንድ ፍጥነት፣ ሳታቋርጡ ሙሉ። ወዲያው ጣታችሁን በሳሙና ውሃ ነክራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ አለስልሱት። ደጋግሞ መነካካት ያበላሸዋል። ፕላስተሩን ሲሊኮኑ ሳይደርቅ አንሡት።

ላዩ በትንሽ ደቂቃ ይደርቃል፣ ይህ ያታልላል። ውስጡ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚጠነክረው። ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው፤ ወፍራም ከሆነ 48 ሰዓት ጠብቁ። የመታጠቢያ ገንዳ ላለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር፦ ሲሊኮኑን ከመሙላታችሁ በፊት ገንዳውን ውሃ ሙሉት፣ ሲሊኮኑ እስኪደርቅም እንደሞላ ይቆይ። ገንዳ ሲሞላ በትንሹ ዝቅ ይላል። ባዶውን ሳለ ከለጠፋችሁት በመጀመሪያው ቀን ይላቀቃል።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበትን ጥግም ተመልከቱ። ብዙ ቤት እዚያ ግራውት ነው የተሞላው። ሁለቱ ግድግዳዎች በሙቀትና በቅዝቃዜ ስለሚንቀሳቀሱ ግራውቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የሻጋታ ቤት ይሆናል። ጥግ የሲሊኮን ቦታ ነው። ከአክስቴ የሻወር ጥግ የተሰነጠቀውን ግራውት ጭሬ አውጥቼ በሲሊኮን ሞላሁት።

እንዳይመለስ

እዚህ ላይ ረጅም ዝርዝር አልሰጥም። አክስቴ ቤት አራት ነገር ብቻ ነው የለወጥነው።

ካርቶኑ ከመስኮቱ ወጣ። ብርዱን ስለሚፈሩ፣ ስምምነታችን ከታጠቡ በኋላ መስኮቱ ለግማሽ ሰዓት እንዲከፈት፣ የክፍሉ በር ደግሞ እንዲዘጋ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ እንፋሎቱ ወደ መኝታ ቤት ገብቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ይቀዘቅዛል። ፋን ያለው ሰው ከታጠበ በኋላ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያብራው፣ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ አይተወው።

የመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ ገዛንና ሻወሩ ውስጥ ሰቀልነው። የታጠበ ሰው ከመውጣቱ በፊት ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል፣ ከዚያ ሲሊኮኑን በደረቅ ጨርቅ ያብሳል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከሁሉ ነገር የበለጠ የሠራው ይህ ነው። በየሳምንቱ የሚፈሰውን በረኪና ሁሉ ይህ ላስቲክ ተካው ብል ማጋነን አይሆንም።

በርሜሉ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቀ፣ ከሥሩም ሁለት ጡብ ገባ። አሁን ከጀርባውና ከሥሩ አየር ያልፋል። ክዳኑም ሁልጊዜ ይዘጋል።

አዲስ የሞላነውን ግራውት ደግሞ ውሃ የማያሳልፍ መቀቢያ ቀባነው። ግራውታችሁ ይህን እንደሚፈልግ ለማወቅ ደረቅ መስመር ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፉ። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ደህና ነው። ጠጥቶ ከጠቆረ መቀባት አለበት። አዲስ ግራውት ግን ሳይደርቅ አትቀቡ፤ መቀቢያው ዕቃ ላይ ስንት ቀን እንደሚል አንብቡ፣ ያንን ጠብቁ።

በመስከረም፣ ለእንቁጣጣሽ ስሄድ ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ የገባሁት መታጠቢያ ቤት ነው። ሲሊኮኑ ነጭ ነበር። ከጥጉ ላይ ብቻ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አገኘሁ። ለምን እዚያ ብቻ? ጎንበስ ብዬ ሳይ የሻምፑ ጠርሙስ ሲሊኮኑ ላይ ተቀምጧል። ሳነሣው ከሥሩ ክብ ሆኖ ውሃ ቋጥሯል። በጥጥ በረኪና ነካሁት፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጠፋ። አክስቴ ጠርሙሱን አንሥተው የሚሰቀልበት ቦታ መፈለግ ጀመሩ፤ በመጨረሻ ከቧንቧው አንገት ላይ በፌስታል ማንጠልጠያ አሰሩት። አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል።